ኬዝ ሪፖርት ለጆርናል ስትልኩ ምኑ የት ይግባ?

ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አንድ የ4 ዓመት ልጅ ከገጠር መጣ እንበል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደም ሲተፋ ከርሟል፣ ድምፁ ጎርንኗል፣ ገርጥቷል። ጤና ጣቢያ አንቲባዮቲክ ሰጥተው መልሰውታል። ሆስፒታል በማደንዘዣ ጉሮሮው ሲታይ ማንቁርቱ ላይ በሕይወት ያለ አልቅት ተጣብቆ ተገኘ። አልቅቱ ወጣለት፣ ደም ተሰጠው፣ ዳነ። ይህ ሊጻፍ የሚገባው ኬዝ ነው።

የርዕሶቹ አደራደር እንደ ጆርናሉ ትንሽ ይለያያል፣ ስለዚህ የጆርናሉን የደራሲዎች መመሪያ አስቀድማችሁ አንብቡ። ብዙ ጊዜ ግን እንዲህ ነው፦

```
Title
Abstract
Keywords
Background
Case presentation
Discussion and conclusions
Declarations
References
```

ቤተሰቡ ኬዙ እንዲታተም መስማማቱን የሚገልጸው ቃል የሚገባው Declarations ውስጥ፣ Consent for publication በሚለው ርዕስ ሥር ነው። ወረቀቱ ላይ ወደ መጨረሻ ቢመጣም ሥራውን ከሱ ጀምሩ። ቤተሰቡ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ መፈለግ ከባድ ነው፣ ያለ ስምምነት ደግሞ የተቀረው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚምታታበት ነገር አለ፦ ለማደንዘዣና ለቀዶ ሕክምና የተፈረመው ቅጽ ለሕትመት አያገለግልም። አባትየው ታሪኩ ኢንተርኔት ላይ እንደሚወጣና ማንም ሊያነበው እንደሚችል በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት፣ ለብቻው ሌላ ቅጽ መፈረም አለበት። ማንበብ የማይችል ከሆነ ቅጹ ይነበብለት፣ ምስክር ባለበት የጣት አሻራውን ያኑር።

ቀጥሎ ኬዙን ጻፉ። አብስትራክቱን ለመጨረሻ ተዉት።

የኬዙ ክፍል በጊዜ ቅደም ተከተል ይሄዳል፦ ልጁ ምን ብሎ መጣ፣ ምን ታየ፣ ምን ተመረመረ፣ ምን ተደረገለት፣ ከዚያ በኋላ እንዴት ሆነ። ካርዱ ላይ ያለው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ጆርናሉ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ቀን መቀየር ውስጥ አትግቡ። «በገባ በ2ኛው ቀን»፣ «ከወጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ» በሉ፤ ስህተትም ይቀንሳል፣ ልጁም በቀኑ አይታወቅም። የቀበሌውን ስምም አውጡት፣ «ከገጠር የመጣ» ይበቃል። የምንጭ ውኃ ይጠጣ እንደነበር ግን የግድ ይግባ፣ ምርመራው የዞረው በዚያ ነውና። የሄሞግሎቢን ውጤት 6 ከሆነ መለኪያውንም አብራችሁ ጻፉ፣ 6 g/dL ብላችሁ፣ ደም ከተሰጠው በኋላ ስንት እንደደረሰም ጨምሩ። እዚህ ክፍል ውስጥ «ጤና ጣቢያው አልቅት መጠርጠር ነበረበት» የሚል ፍርድ አይገባም።

እሱ የዲስከሽኑ ሥራ ነው። ዲስከሽኑን ስለ አልቅት አጠቃላይ ትምህርት አታድርጉት፣ ገምጋሚው ቶሎ ይሰለቻል። ከዚህ ልጅ ተነሱ። ደም መትፋቱ ሲታይ ቲቢ ወይም ወደ ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር ለምን ታሰበ? የድምፁ መጎርነን ወደ ማንቁርት እንዴት አመለከተ? ከዚህ በፊት የታተሙ ተመሳሳይ ኬዞች ከእናንተው በምን ይለያሉ? ያልተሠራ ምርመራ ካለም በግልጽ ተናገሩ። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ዲስከሽኑ ውስጥ አዲስ የላብራቶሪ ውጤት ከወጣ፣ ኬዙ ውስጥ ረስታችሁታል ማለት ነው፤ ወደ ቦታው መልሱት። «በአገራችን የመጀመሪያው» ከማለታችሁ በፊትም በደንብ ፈልጉ፣ ፈልጋችሁም «እኛ እስካገኘነው ድረስ» ማለት ይሻላል።

አሁን አብስትራክቱ። ሦስት አጫጭር ክፍሎች አሉት፦ ኬዙ ለምን ይጻፋል፣ ምን ሆነ፣ ምን ያስተምራል። ማጣቀሻ ቁጥር አይገባበትም፣ የቃላቱን ጣሪያ ጆርናሉ ይነግራችኋል። ከጨረሳችሁ በኋላ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከኬዙ ጋር አመሳክሩ። አብስትራክቱ ላይ «10 ቀን»፣ ኬዙ ላይ «ሁለት ሳምንት» ካለ፣ ገምጋሚው ሌላውንም ማመን ያቆማል። ርዕሱ ላይ «ኬዝ ሪፖርት» የሚለው ቃል መኖር አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው CARE የተባለው የኬዝ ሪፖርት አጻጻፍ መመሪያ ይህን ይጠይቃል። የመመሪያውን ባለ 13 ነጥብ ቅጽ ሞልታችሁ እንድትልኩ የሚጠይቁ ጆርናሎችም አሉ።

በመጨረሻ ወደ ስምምነቱ ቃል ተመለሱ። ከሌላ ወረቀት የተቀዳ ከሆነ «ከታካሚው ስምምነት ተወስዷል» ይላል፣ የ4 ዓመት ልጅ ግን አይፈርምም። «ይህ ኬዝና አብረውት ያሉት ፎቶዎች እንዲታተሙ ከልጁ አባት የጽሑፍ ስምምነት ተወስዷል» ብላችሁ አስተካክሉት። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሌላ ርዕስ ነው፣ ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት። የተፈረመውን ቅጽ ጆርናሉ ካልጠየቀ አትላኩ፣ ስም አለበትና፤ ሆስፒታል ይቀመጥ። አንዳንድ ጆርናል ግን የራሱን ቅጽ ካላስፈረማችሁ አይቀበልም፣ ስለዚህ አባትየው ልጁን ይዞ ከመውጣቱ በፊት የትኛው ጆርናል ጋ እንደምትልኩ ወስኑ።