ለአይቲ ሰው ስክሪንሾት ስትልኩ ሰዓቱን አትቁረጡት

2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም አንዲት ትንሽ ምስል ላከችልኝ። «ምንም ድረ ገጽ አልከፍት አለኝ» ትላለች። ምስሉ ላይ ያለው ይህ መስመር ብቻ ነው፦

```
NET::ERR_CERT_DATE_INVALID
```

ሌላውን የማይጠቅም መስሏት ቆርጣዋለች። ኮዱ የሚናገረው ቀን እንዳልተስማማ ነው። ግን ጥፋቱ ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ወይ የድረ ገጹ የደህንነት ሰርተፍኬት ጊዜው አልፏል፣ ወይ የኮምፒውተሩ ቀን ተሳስቷል። ከምስሉ መለየት አልቻልኩም።

«እስቲ ሙሉውን ስክሪን አንስተሽ ላኪልኝ» አልኳት። ሲመጣ መልሱ ከታች በቀኝ ጥግ ተቀምጧል። ቀኑ 2017 ይላል። ላፕቶፑ ባትሪው አልቆ ቀኑ ሲጠፋበት፣ በእጇ ስትሞላ የእኛን ዓመት አስገብታለች። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ስለሆነ 8 ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። ዛሬ የሚሠሩት ሰርተፍኬቶች ደግሞ ያኔ ገና አልወጡም። ቀኑን 2025 ስታደርገው ሁሉም ተከፈተ።

ስለዚህ እናንተም እንዲህ አድርጉ። መልእክቱ ሲመጣ ቶሎ አትዝጉት። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና `PrtScn`ን አብራችሁ ተጫኑ፤ ሙሉው ስክሪን `Pictures` ውስጥ `Screenshots` የሚባለው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። `Alt` እና `PrtScn` ግን የተከፈተውን መስኮት ብቻ ስለሚያነሳ ሰዓቱን ያስቀርባችኋል።

ከመላካችሁ በፊት ምስሉን ከፍታችሁ እዩት። የመልእክቱ ርዕስና ኮዱ፣ ከላይ ያለው የድረ ገጹ አድራሻ፣ ከታች ያለው ቀንና ሰዓት መታየት አለባቸው። ከመልእክቱ ጀርባ የተከፈተው ነገርም ይታይ፤ ምን ስትሠሩ እንደመጣ የሚያሳየው እሱ ነው። ክሮም ላይ እንዲህ ያለ የሰርተፍኬት ስህተት ከገጠማችሁ ኮዱን ራሱን ክሊክ አድርጉት። ሰርተፍኬቱ የሚያበቃበት ቀንና ኮምፒውተሩ ዛሬ ነው ብሎ የያዘው ቀን አንድ ላይ ይወጣሉ። ያንን አንድ ተጨማሪ ምስል አንሱት።

መሸፈን ያለበትም አለ። የይለፍ ቃል፣ በኤስኤምኤስ የመጣ ኮድ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አይታዩ። ግን ምስሉን አትቁረጡ፤ ቦታውን ብቻ በጥቁር ሳጥን ድፈኑት። በሃይላይተር ደጋግሞ መቀባት አያስተማምንም፤ ብርሃኑን ከፍ አድርጎ ያየ ሰው ሊያነበው ይችላል።

በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። ፎቶ ሲሆን ይጨመቅና ትንንሾቹ ፊደላት ይደበዝዛሉ። ኮዱን ደግሞ ከምስሉ ሥር በጽሑፍ ጻፉት፤ የሚረዳችሁ ሰው ኮፒ አድርጎ ይፈልገዋል።