ቀብድ ስንቀበል የምንሠራቸው የሂሳብ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ያለ አንድ የብረታ ብረትና እንጨት ሥራ ቤት እንውሰድ። ደሴ ፒያሳ የሚከፈት ፔንሲዮን 20 አልጋ አዘዘው። የአንዱ ዋጋ 9,000 ብር፣ ጠቅላላው 180,000 ነው። ሰኔ 5 ቀን 60,000 ብር ቀብድ ባንክ ገባ። አልጋዎቹ ደሴ ድረስ ሊመጡና እዚያ ሊረከቡ ተስማሙ። ቫትን ለጊዜው እንተወው፤ መቼ እንደሚታሰብ የሚወስነው የራሱ ሕግ ነው።

ቀብዱን ሽያጭ ብሎ መመዝገብ

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። ብሩ እጅ ስለገባ ገቢ ይመስላል። ግን ሥራ ቤቱ ገና አንድ አልጋ አላስረከበም፤ ስለዚህ 60,000ው ዕዳ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ራሱ ውሉን ከተወ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እጥፍ ሊያስመልስ የሚችል ብር እንዴት ሽያጭ ይባላል? የሰኔ 5 ምዝገባ እንዲህ ነው፦ ዴቢት ባንክ 60,000፣ ክሬዲት ከደንበኞች የተቀበልነው ቅድሚያ ክፍያ 60,000።

መኪናው ሲነሳ ሽያጩን መዝጋት

አልጋዎቹ ሰኔ 30 ማታ ተጭነው ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ወጡ እንበል። ደንበኛው ቆጥሮ የፈረመው ሐምሌ 1 ጠዋት ነው። ርክክቡ ደሴ ስለሆነ ሽያጩ የሐምሌ፣ ማለትም የአዲሱ በጀት ዓመት ነው። የተፈረመበትን የማስረከቢያ ሰነድ ቀኑ እንዲነበብ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ወጪውን ቀድሞ መጣል

ላሜራው፣ እንጨቱና የሠራተኛው ክፍያ ለአንድ አልጋ 6,500፣ በድምሩ 130,000 ብር ወጣ። ይህ እስኪረከብ ድረስ ዕቃ ክምችት ውስጥ ይቆያል። ሰኔ ላይ በወጪ ከተመዘገበና ቀብዱም ሽያጭ ከተባለ፣ አሮጌው ዓመት በዚህ ትእዛዝ 70,000 የከሰረ ይመስላል። አዲሱ ዓመት ደግሞ ቀሪውን 120,000 ያለ ምንም ወጪ ያተርፋል። እውነተኛው ትርፍ 50,000 ነው፤ እሱም ሙሉ በሙሉ የሐምሌ ነው። ባለቤቱ በዚያ የሰኔ ሂሳብ ዋጋ ልጨምር ቢል በሌለ ኪሳራ ተነስቶ ደንበኛ ያባርራል።

ሲረከብ ቀብዱን ሳያነሱ መተው

ብዙ ጊዜ ደንበኛው ላይ 180,000ው በሙሉ ተሰብሳቢ ተብሎ ይጻፋል፤ ቀብዱ ግን በዕዳነቱ ይቀራል። ከዚያ የከፈለውን ሰው ደውለን እንደገና እንጠይቀዋለን። ትክክለኛው፦ ዴቢት ቅድሚያ ክፍያ 60,000፣ ዴቢት ተሰብሳቢ 120,000፣ ክሬዲት ሽያጭ 180,000። በዚያው ቀን 130,000ው ከክምችት ወጥቶ የተሸጠ ዕቃ ወጪ ይሆናል።

በከፊል ከተረከበ በቁጥሩ ልክ ይመዘገባል፤ ለ12 አልጋ 108,000 ሽያጭ ማለት ነው።

በየወሩ መጨረሻ የቅድሚያ ክፍያውን ሂሳብ በደንበኛ ስም ዘርዝሩና ካልተረከቡ ትእዛዞች ጋር አስተያዩት። ዕቃውን የወሰደ ሰው ስም እዚያ ካገኛችሁ የርክክቡ ምዝገባ ተዘልሏል።