ሲሊንደር በሲሊንደር ውስጥ ሲንከባለል፦ ፍሪኩዌንሲው አልመጣ ሲል (ችግርና መፍትሄ)

ራዲየሱ R የሆነ ቱቦ ተጋድሞ እንዳይነቃነቅ ታስሯል። በውስጡ ራዲየሱ a፣ መጠነ ቁሱ m የሆነ ድፍን ሲሊንደር ሳይንሸራተት ይንከባለላል። ከታች ትንሽ ገፋ አድርገን ብንለቀው በምን ፍሪኩዌንሲ ይወዛወዛል? የላግራንጂያንን አሠራር ታውቃላችሁ ብዬ ልነሣ። θ የሁለቱን ማዕከሎች የሚያገናኘው መስመር ከቁልቁል መስመር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው። ለማመሳከር እንዲመች R = 0.5 ሜትር፣ a = 0.1 ሜትር፣ g = 9.8 እንያዝ። የአንድ ሙሉ ውዝዋዜ ጊዜ 1.55 ሴኮንድ መምጣት አለበት።

1.27 ሴኮንድ ከመጣ፦ የመሽከርከር ኢነርጂውን ረስታችኋል። ጨምሩት።

ውዝዋዜው ጭራሽ ከጠፋ፦ ፖቴንሻል ኢነርጂው ውስጥ cosθን በ1 ተክታችኋል። 1 − θ²/2 ድረስ ሂዱ።

1.69 ሴኮንድ ከመጣ፦ በየዓመቱ ከማርማቸው ወረቀቶች አብዛኞቹ የሚበላሹት እዚህ ነው። «ሳይንሸራተት» የሚለውን ቃል እንዳዩ እጃቸው Rθ = aψ ይጽፋል፤ ከዚያ ψን እንደ መሽከርከሪያ ማዕዘን ወስደው ኢነርጂው ውስጥ ይከቱታል። እኩልታው ራሱ ውሸት የለበትም። በቱቦው ላይ የተሄደው ቅስት በትንሹ ሲሊንደር ጠርዝ ላይ ከተጠቀለለው ቅስት ጋር እኩል ነው። ጥያቄው ψ ከየት ተነሥቶ ነው የሚለካው ነው። የሚለካው ማዕከሎቹን ከሚያገናኘው መስመር ነው፤ ያ መስመር ደግሞ ራሱ በተቃራኒ አቅጣጫ θ ያህል ዞሯል። ኢነርጂው የሚፈልገው ከማይንቀሳቀስ መስመር፣ ለምሳሌ ከክፍሉ ግድግዳ አንጻር የተለካውን መዞር ነው። ስለዚህ θ መቀነስ አለበት፦ ψ − θ = (R − a)θ/a።

ያልተዋጠለት R = 2a አድርጎ ይሳለው። ሲሊንደሩ ታች ቆሞ ሳለ ቱቦውን የሚነካበት ቦታ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በቀኝ በኩል θ = 90° እስኪሆን አንከባሉት። ψ 180° ነው፤ ምልክቱ ከአዲሱ መነካኪያ ነጥብ ትይዩ በሌላኛው ጠርዝ፣ ልክ የቱቦው ማዕከል ላይ ያርፋል። መጀመሪያ ወደ ታች ያመለክት የነበረው ምልክት አሁን ወደ ግራ ያመለክታል። ሲሊንደሩ የዞረው እንግዲህ 90° ነው እንጂ 180° አይደለም።

ይህ ከተስተካከለ ቀሪው ቀላል ነው፦

```
T = ½ m (R−a)² θ̇² + ½ (½ m a²) [(R−a)/a]² θ̇²
  = ¾ m (R−a)² θ̇²
V = −m g (R−a) cosθ
ω² = 2g / [3(R−a)]
```

ስህተቱን በአንድ እይታ ለመያዝ aን ወደ R አስጠጉት። ቱቦውን ሊሞላው የደረሰ ሲሊንደር መሽከርከሪያ ቦታ ስለሌለው የመሽከርከር ፍጥነቱ ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። (R − a)θ̇/a ይወርዳል፤ Rθ̇/a ግን θ̇ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት የተሠሩ መልሶች ውስጥ ይህን ፈተና የማያልፍ ሞልቷል፤ የሚገለብጠውም ሳያየው ይገለብጣል። እባካችሁ ከመገልበጣችሁ በፊት ፈትኑት።

አንድ ቡድን በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ የብረት ዘንግ እያንከባለለ ለክቶ፣ የለካው ጊዜ ካሰላው አጠረበት። ሪፖርታቸው ልዩነቱን ለአየርና ለፍትጊያ ሰጠው። እንዲህ ያለ ኢነርጂ የሚበላ ተቃውሞ ውዝዋዜውን በጥቂቱ ቢያረዝመው እንጂ አያሳጥረውም፤ ማዕዘኑ መስፋቱም ያረዝመዋል። መንሸራተት ሊያሳጥር ይችላል፤ ግን ለመንሸራተት የመነሻው ማዕዘን tanθ₀ ከ3μ መብለጥ አለበት። μ 0.2 ቢሆን እንኳ ወደ 31° ገደማ ነው፤ እነሱ የለቀቁት ከዚያ እጅግ ባነሰ ማዕዘን ነበር። የተሳሳተው ስሌታቸው ነበር፤ θን ሲቀንሱ ልኬቱና ስሌቱ ገጠሙ።

ፍትጊያውን እንደ ጉልበት ላግራንጂያኑ ውስጥ አትጨምሩ። ሳይንሸራተት ሲንከባለል መነካኪያው ነጥብ ስለማይንቀሳቀስ ሥራ አይሠራም።

ትንሹ ሲሊንደር ባዶ ቀፎ ከሆነ፦ ½ma² በma² ይተካል፤ ω² = g/[2(R − a)] ይሆናል።

ቱቦው በራሱ ዘንግ ላይ እንደልቡ መዞር የሚችል ከሆነ፦ ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ከላይ ያለውን ቀመር እንዳትጠቀሙ። የቱቦው መዞሪያ φ ሁለተኛ ተለዋዋጭ ሆኖ ይገባል፤ የመንከባለሉ ሁኔታም የትንሹን የመሽከርከር ፍጥነት [Rφ̇ − (R − a)θ̇]/a ያደርገዋል። φ ራሱ ላግራንጂያኑ ውስጥ ስለሌለ ተያያዥ ሞመንተሙ አይለወጥም። ሁሉም ከእረፍት ከተነሣ ዜሮ ነው፤ መጠነ ቁሱ M ለሆነ ስስ ቱቦ፦

```
ω² = [g/(R−a)] · (2M+m)/(3M+m)
```

M እጅግ ሲገዝፍ 2/3 ይመለሳል። M ወደ ዜሮ ሲሄድ 1 ይመጣል፤ ቀላሉ ቱቦ ከሥሩ አብሮ ስለሚሄድ ትንሹ ሲሊንደር አይሽከረከርም። ሞመንተሙ ዜሮ ካልሆነ ግን φ̇ን አውጥታችሁ መልሳችሁ ላግራንጂያኑ ውስጥ አትተኩ፤ መጀመሪያ የእንቅስቃሴ እኩልታዎቹን አውጡ፣ ከዚያ ተኩ።