ዕቅድ ስታወጡ የሚዘለለውን አስቀድማችሁ ምረጡ

አንዲት ጀማሪ መምህርት የ40 ደቂቃውን ክፍለ ጊዜ ሸንሽና ገባች። ለክለሳ 5፣ ለማብራሪያ 15፣ ለቡድን ሥራ 15፣ ለመውጫ ጥያቄ 5። ክለሳው 1/2 + 1/3 ነበር። ግማሹ ክፍል 2/5 ብሎ ጻፈ፤ ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምረው። እሱን ስታስረዳ 15 ደቂቃ ነጎደ።

መጣደፍ አማራት (ማንን አያምረው?)። ግን የቡድን ሥራውን ሰረዘችና «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አለች።

«ያንሳል!»

«ታዲያ ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት አነሰ?»

ክፍሉ ጸጥ። ከዚያ ወረቀት ለ6 እኩል ቦታ አጣጥፈው መጀመሪያ 3ቱን፣ ቀጥሎ 2ቱን ቀቡ። 5/6 ሆነ።

የመውጫ ጥያቄዋን አልነካችም፤ ማን እንደገባው የምታውቀው በእሱ ነው። እናንተም ጊዜ ካጠረ የሚዘለለውን ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ዕቅዱ ላይ በእርሳስ ክበቡት።