ተደራርበው የተነሱ ደረሰኞች፦ ናዝሬት ቤት ለምታሠሩ

ናዝሬት ወይም ሌላ ከተማ ቤት የምታሠሩ ሰዎች በቴሌግራም የሚደርሳችሁን ፎቶ ታውቁታላችሁ። አምስት ስድስት ደረሰኝ እንደ ካርታ ተዘርግቶ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተኝቶ፣ ከሥሩ አንድ መስመር፦ «ጠቅላላ 157,150፣ ሂሳቡን ላክ»። ብዙ ሰው ድምሩን አይቶ ይልካል። እኔ ግን እያንዳንዱ ወረቀት ለብቻው፣ ከራሱ ድምር ጋር ካልተመዘገበ ብር አልልክም። ለምን እንደሆነ ከታች ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ ፎቶው ንጹህ ይሁን። ቴሌግራም ፎቶ ሲልክ ይጨምቀዋል፣ ትንንሾቹ ቁጥሮች ይጠፋሉ። በፋይል መልክ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ዋናውን ሳትነኩ ኮፒው ላይ ወረቀቶቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ እያላችሁ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ኤክሴል ላይ አንድ መስመር ክፈቱ፦ የፎቶው ቁጥር፣ የወረቀቱ ፊደል፣ የሻጩ ቲን፣ የደረሰኙ ቁጥር FS No.፣ ቀን፣ ከቫት በፊት፣ ቫት፣ ድምር።

አንድ እውነተኛ ዓይነት ፎቶ እንፍታ። ወረቀት ሀ የሲሚንቶ ነው፣ ሙሉ ይታያል፦ 30 ኩንታል በ1,600፣ 48,000፣ ቫት 7,200፣ TOTAL 55,200። ወረቀት ለ የባለ 12 ፌሮ የማሽን ደረሰኝ ነው፣ TOTAL 34,500። ወረቀት ሐ ትልቁ በእጅ የተሞላ ወረቀት ነው፣ እሱም መጨረሻው ላይ 34,500 ይላል። ወረቀት መ የምስማርና የማሰሪያ ሽቦ ነው፣ ግን TOTAL የሚለው መስመር ላይ ሌላ ወረቀት ተኝቶበታል። ወረቀት ሠ በእጅ የተጻፈ የአሸዋ 18,000 ነው።

ሐን ልብ በሉ። ይሄ አታችመንት ነው። ሱቁ የዕቃውን ዝርዝር በእጅ ሞልቶ ከማሽኑ ደረሰኝ ጋር አያይዞ የሚሰጠው ወረቀት እንጂ ሌላ ግዢ አይደለም። ላዩ ላይ የማሽኑ ደረሰኝ ካልተያያዘ ዋጋ እንደሌለው ተጽፎበታል፣ ብዙ ጊዜም የዚያኑ FS No. ይጠቅሳል። ሁለቱን ለየብቻ የደመረ ሰው ያንኑ ፌሮ ሁለቴ ከፈለ ማለት ነው። ስለዚህ ሐ የራሱ መስመር ይኑረው፣ ድምሩና የFS No. ቦታው ግን ባዶ ይሁን፣ አጠገቡ «የወረቀት ለ አታችመንት» ብላችሁ ጻፉ።

መ ደግሞ ድምሩ ተሸፍኗል። ከላይ ያለው TAX1 15.00% ግን ይታያል፦ 1,950። በ0.15 ስታካፍሉት 13,000 ይመጣል፣ ሲደመር 14,950። ይህን ስትመዘግቡ «በስሌት» ብላችሁ ለዩት፣ ከታየው ጋር አትቀላቅሉ። ደረሰኙ ላይ ቫት የማይከፈልበት ዕቃ ካለ ይሄ ስሌት ያሳስታችኋል፣ የዕቃዎቹን ዋጋ ማየት ያስፈልጋል። ቫቱም ተሸፍኖ ከሆነ ግምት አታስገቡ። ባዶ ተዉትና ወረቀቱ ብቻውን እንዲነሳ ጠይቁ።

የአምስቱ ወረቀቶች ትክክለኛ ድምር 122,650 ነው። ከተላከው 157,150 ጋር ልዩነቱ 34,500 ነው፣ የፌሮው ልክ። እዚህ ላይ ሌባ ብላችሁ አትጩኹ። ሰውየው ካልኩሌተር ይዞ ከየወረቀቱ ሥር ያለውን ቁጥር ነው የደመረው።

ሌላው የሚያሳስት ነገር የአንዱ ራስ ከሌላው እግር ጋር መገናኘቱ ነው። የላይኛው ወረቀት ጫፍ በቀጥታ ወደ ሥረኛው ዕቃ ዝርዝር ያልፍና አንድ ደረሰኝ ይመስላል። የሲሚንቶ ሻጩን ስም ከምስማሩ ድምር ጋር ታጋቡታላችሁ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የዕቃዎቹን ዋጋ ደምራችሁ በ1.15 አባዙ። TOTAL ካልመጣ ወይ የተሸፈነ ዕቃ አለ፣ ወይ ሁለት ወረቀት ነው ያያችሁት። ጥቂት ሳንቲም ልዩነት ችግር የለውም።

ቀኑንም ተጠንቀቁ። ማሽኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ያትማል፣ በእጅ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ነው። የአሸዋው ወረቀት ላይ 05/09/2017 ካለ ግንቦት 5 ነው፣ በፈረንጅ ሜይ 13፣ 2025። የድሮ ደረሰኝ ላኩብኝ ብላችሁ ቤተሰብ እንዳትጣሉ።

አሁን ወደ ዘመድ። የአክስቴ ልጅ ሥራውን በያዘበት ጊዜ ፎቶው ሁሌ ተደራርቦ ነበር የሚመጣው። ችኮላ ነው ብዬ ተውኩት። ቆይቶ መዝገቤን ሳገላብጥ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው፦ የሚሸፈነው ሁሌ አንድ ቦታ ነው፣ FS No. ያለበት። ችኩል ሰው አንዴ ድምሩን፣ አንዴ ቀኑን፣ አንዴ የሱቁን ስም ይሸፍናል። ሁሌ አንድ ቦታ ከተሸፈነ እጅ አለበት። ባለፈው ወር ፎቶ ላይ የነበረ የቀለም ደረሰኝ በዚህም ወር መጥቶ ነበር፣ ቁጥሩ ላይ የሲሚንቶ ወረቀት ተኝቶበት። ቫቱ እስከ ሳንቲሙ አንድ ነው። የታተመው ሰዓት እስከ ደቂቃው አንድ ነው። ከሥር ያለው የማሽን ቁጥርም አንድ ነው። ስጠይቀው መልስ አልሰጠኝም፣ ሽማግሌ ላከብኝ! «ለአንድ ደረሰኝ ብለህ ሥጋህን ታዋርዳለህ?» አሉኝ። እኔም ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ ለሽማግሌዎቹ ላክሁ። አንዳቸው ብቻ መነጽራቸውን አድርገው አዩት መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልደወለም። ብሩን ከሚቀጥለው ወር ላይ ቀነስኩ። አክስቴ ግን እስካሁን ታኮርፈኛለች።

ስለዚህ የድግግሞሽ ፍተሻ ለእኔ ግዴታ ነው። FS No. ብቻውን አይበቃም፣ ሁለት ሱቆች አንድ ዓይነት ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል፣ ስለዚህ ከቲኑ ጋር አብራችሁ እዩት። ቲኑ C፣ FS No. D ዓምድ ላይ ከሆነ ይሄን ጻፉ፦

```
=COUNTIFS(C:C,C2,D:D,D2)
```

ከ1 በላይ ከመጣ ያ ደረሰኝ ሌላ ቦታም አለ። አንድ ነጋዴ ሁለት ማሽን ካለው ግን በአጋጣሚ ሊገጥም ይችላል፣ ያኔ የማሽኑን ቁጥርና ሰዓቱን ተመልከቱ። ቁጥሩ የተሸፈነበትን ደረሰኝ ፎርሙላው አያይላችሁም፣ በቫቱና በሰዓቱ በዓይናችሁ ፈልጉት። ፕሮፎርማ ደግሞ ደረሰኝ አይደለም፣ አትመዝግቡት።

ማንን ልመን ለምትሉኝ፦ የሚገዛውና ፎቶ የሚያነሳው አንድ ሰው ባይሆን ይመረጣል። እኔ አሁን ወረቀቱን የምትቀበለው ታናሽ እህቴ ናት፣ ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ እያስቀመጠች ታነሳለች። ደንቡን ከመጀመሪያው ቀን ለሁሉም እኩል ተናገሩ፣ ለእናታችሁም ጭምር። በመሀል ስትጀምሩት ነው «አላመንከኝም እንዴ?» የሚመጣው። ወረቀቶቹንም ሰብስባ ፀሐይ የማያገኛቸው ቦታ ታስቀምጥ፣ የማሽን ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በናዝሬት ፀሐይ መኪና ውስጥ ከከረመ ጽሑፉ ይጠፋል፣ ያኔ ዳግም ላንሳው ብትሉም የሚነሳ ነገር አይኖርም።