ፓኬጁ አለቀ፣ ቪዲዮው ግን አልተጫነም፦ ችግሩና መፍትሄው

እህቴ ደሴ ሆና የምግብ አሠራር ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ትለቃለች። ባለፈው የድፎ ዳቦ አሠራር ቀረጸች፣ ስልኳ ላይ ቆራርጣ አቀናበረች፣ ማታ ለመጫን ተቀመጠች። ቪዲዮው 12 ደቂቃ ነው። ሲነጋም አላለቀም። በመሃል ፓኬጁ አለቀ፣ ሌላ ገዛች፣ እሱም አለቀ። ጠዋት ደውላ «ኔትወርኩ ሞቷል» አለችኝ። ኔትወርኩ ደካማ መሆኑ እውነት ነው። ግን እስቲ የፋይሉን ሳይዝ እይው አልኳት። 4.5 ጊጋባይት!

ከዚያ ጀምሮ አብረን ያስተካከልነውን ነው የምጽፈው። የእናንተ ችግር ከየትኛው እንደሚመሳሰል እያያችሁ ሂዱ።

«ሰዓቱ ማለቂያ የለውም»

ምልክቱ ይኸ ነው፦ አፕሎዱ ይጀምራል፣ 2 ወይም 3 ፐርሰንት ላይ ይንፏቀቃል፣ የቀረው ጊዜ ደግሞ 9 ሰዓት፣ 10 ሰዓት ይላል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቢትሬት ነው። ቢትሬት ማለት ለእያንዳንዱ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበው የዳታ መጠን ነው። የእህቴ ስልክ በ4ኬ፣ ማለትም በጣም ከፍ ባለ የምስል ጥራት፣ ነው የሚቀርጸው፣ ማቀናበሪያ አፑም ሳትነግረው በ4ኬ ኤክስፖርት አደረገው፣ በሰከንድ 50 ሜጋቢት ገደማ። 12 ደቂቃ 720 ሰከንድ ነው። 50 ሲባዛ በ720፣ 36,000 ሜጋቢት። ለ8 አካፍሉት፣ 4,500 ሜጋባይት ይሆናል። የሷ ኮኔክሽን ወደ ላይ የሚልከው ደግሞ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ብቻ ነው። ስለዚህ 36,000 ሰከንድ ይፈጃል፣ ማለትም አንዴም ሳይቆራረጥ 10 ሰዓት። «ሞቷል» ያለችው ኔትወርክ በስሌቱ መሠረት ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስፒድ ስትለኩ ሁለት ቁጥር ይወጣል። ብዙ ሰው ትልቁን፣ የDownload የሚለውን አይቶ ይረካል። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው Upload የሚለው ነው፣ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጣም ያንሳል።

መፍትሄው ፋይሉን ከመጫን በፊት ማሳነስ ነው። ዩቲዩብ የላካችሁለትን ቪዲዮ እንዳለ አያሳይም፣ ራሱ እንደገና ጨምቆ ነው ለተመልካች የሚያቀርበው። ተመልካቹም በአብዛኛው በስልክ ነው የሚያየው። ስለዚህ ለምግብ ቪዲዮ 4ኬ መላክ ዳታ መድፋት ነው። 720ፒ ይበቃል። ስክሪን ላይ ትንንሽ ጽሑፍ ካለ፣ ለምሳሌ የኮምፒውተር ትምህርት ከሆነ፣ 1080ፒ አድርጉት፣ አለበለዚያ ፊደሉ አይነበብም።

ላፕቶፕ ካላችሁ ሃንድብሬክ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም አውርዱ። ፋይሉን ክፈቱበት። Format ላይ MP4 ምረጡ፣ Web Optimized የሚለውን ምልክት አድርጉበት። Dimensions ውስጥ ገብታችሁ ወደ 720p አውርዱት። Video ውስጥ H.264 (x264)፣ ፍሬም ሬቱ፣ ማለትም በሰከንድ የሚያልፈው የምስል ብዛት፣ 30፣ ጥራቱ RF 23፣ Preset ደግሞ Slow። ድምፁ AAC፣ 128። በቃ። ትእዛዝ መጻፍ የሚቀናችሁ ከሆናችሁ ደግሞ ኤፍኤፍምፔግ ያንኑ ሥራ ይሠራል፦

```
ffmpeg -i difo.mp4 -vf scale=-2:720 -r 30 \
  -c:v libx264 -crf 23 -preset slow \
  -c:a aac -b:a 128k -movflags +faststart difo720.mp4
```

ሙሉውን ከመጨመቃችሁ በፊት ግን 30 ሰከንድ ብቻ ሞክሩ። ሃንድብሬክ ላይ Range የሚለውን ወደ Seconds ቀይራችሁ ከመሃል ቆርጣችሁ አውጡ። የኛ ሙከራ 10 ሜጋባይት ወጣ። 12 ደቂቃ ውስጥ 24 ጊዜ 30 ሰከንድ አለ፣ ስለዚህ ሙሉው 240 ሜጋባይት አካባቢ እንደሚሆን አስቀድመን አወቅን። በዚያው 1 ሜጋቢት ኮኔክሽን 32 ደቂቃ። ያው ዳቦ፣ ያቺው ደሴ፣ ያው ኔትወርክ።

ላፕቶፕ የሌላችሁ ኤክስፖርት ስታደርጉ አፑ ራሱ የሚሰጣችሁን ምርጫ ነክታችሁ ቀይሩ፦ ሬዞሉሽኑን 720፣ ፍሬም ሬቱን 30። ቢትሬት የሚያስመርጥ ከሆነ በሰከንድ 3 ሜጋቢት ገደማ ስጡት። ከ60 ወደ 30 ፍሬም መውረድ ብቻውን ጥሩ ቅናሽ ያመጣል፣ ሊጥ ሲቦካ ደግሞ 60 ፍሬም ማንም አያስፈልገውም።

ዚፕ ማድረግስ? የሚሉኝ አሉ። ቪዲዮ ቀድሞውኑ የተጨመቀ ነገር ነው። ዚፕ ብታደርጉት አንድ ፐርሰንት እንኳ ላይቀንስ ይችላል፣ ዩቲዩብም ዚፕ አይቀበልም።

«ሳይዙ ቀነሰ፣ ምስሉ ግን ተበላሸ»

እህቴ ነገሩ ገብቷት ለብቻዋ ስትሞክር ይኸ ገጠማት። ዳቦው የሚጠቀለልበት ኮባ ቅጠል ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ጠፍተው አረንጓዴ ጭቃ መሰለ። ምጣዱ ሲከፈት የሚወጣው እንፋሎት ደግሞ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ይዘላል።

ስንመረምረው ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛ፣ ስልኳ ላይ በጣም ዝቅ ባለ ቢትሬት ኤክስፖርት አድርጋ፣ ያንን የተጎዳውን ፋይል በሌላ አፕ ደግማ ጨምቃዋለች። ዩቲዩብ ሲጨምቀው ሦስተኛ መሆኑ ነው። የጠፋ ዝርዝር አይመለስም፣ በየዙሩ ሌላ ይጨመርበታል። ስለዚህ ከአፑ ስታወጡት በጥሩ ጥራት አውጡት፣ ስልካችሁ ላይ ቦታ ቢይዝም አይክፋችሁ፣ ዳታ አያስወጣም። ከዚያ አንዴ ብቻ፣ በሃንድብሬክ፣ ጨምቁት። RF 23 ላይ ካልጣማችሁ ወደ 21 ወይም 20 አውርዱት። ቁጥሩ ሲወርድ ጥራቱም ሳይዙም ይጨምራል።

ሁለተኛው ምክንያት ጨለማው ነው። ማድቤቷ አንድ አምፖል ብቻ አለው። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ምስሉ ላይ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ይጨምራል፣ ነጠብጣቡም በየፍሬሙ ይቀያየራል። መጭመቂያው ያንን ሁሉ እንቅስቃሴ ነው ብሎ ይመዘግበዋል፣ ዳታው ለዳቦው ሳይሆን ለነጠብጣቡ ያልቃል። እጅ ላይ ተይዞ የሚንቀጠቀጥ ካሜራም ያው ነው። አሁን ጠዋት መስኮቱ አጠገብ፣ ስልኩን በማቆሚያ ላይ አድርጋ ነው የምትቀርጸው። በዚያው RF 23 ፋይሉ ራሱ አነሰ።

በH.264 ፋንታ H.265 የሚባለው የመጭመቂያ ዘዴም አማራጭ ነው። ተመሳሳይ ጥራት ይዞ በግልጽ ያነሰ ፋይል ያወጣል፣ ዩቲዩብም ይቀበለዋል። ነገር ግን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ መጭመቁ ሰዓታት ይወስዳል፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ይኸ ቀላል ነገር አይደለም። ቪዲዮውን ለዘመድ በቴሌግራም በፋይል መልክ የምትልኩ ከሆነም ተዉት፣ አንዳንድ ቆየት ያለ ስልክ አይከፍተውም።

«ተቋርጦ ከዜሮ ጀመረብኝ»

70 ፐርሰንት ደርሶ መብራት ጠፋ፣ ወይም ላፕቶፑ ተኛ፣ ወይም ስልኩ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ዞረ። የሚያናድደው መቋረጡ ሳይሆን የተከፈለበት 70 ፐርሰንት መጥፋቱ ነው።

ዩቲዩብ የተቋረጠን አፕሎድ ለ24 ሰዓት ይጠብቃል። በዚያው አካውንት፣ በዚያው ብራውዘር ተመልሳችሁ ያንኑ ፋይል ስትመርጡ ካቆመበት ይቀጥላል። ያንኑ ፋይል ስል ምንም ያልተነካውን ነው። በመሃል «እስቲ ትንሽ ላሳንሰው» ብላችሁ እንደገና ከጨመቃችሁት ለእሱ አዲስ ፋይል ነው፣ ከዜሮ ይጀምራል። ላፕቶፑ እንዳይተኛ ደግሞ የSleep ጊዜውን Never አድርጉት፣ ክዳኑንም አትዝጉ።

«ፋይሉ 240 ሜጋ ነው፣ የሄደው ግን ጊጋ ነው»

ይኸ ብዙ ሰው የማያየው ነው። ላፕቶፑ በስልክ ሆትስፖት ሲገናኝ ገደብ የሌለው ዋይፋይ ያገኘ ይመስለዋል። ወዲያው የዊንዶውስ አፕዴት ማውረድ ይጀምራል። ቴሌግራም የግሩፑን ቪዲዮ ሁሉ ይስባል። ስልኩ ደግሞ በጎን ፎቶዎችን ወደ ጉግል ይልካል፣ ይባስ ብሎ ያንኑ የ4.5 ጊጋ ኦሪጂናል።

ዊንዶውስ ላይ Settings ውስጥ Network & internet ግቡ፣ የሆትስፖታችሁን ስም ክፈቱ፣ Metered connection የሚለውን አብሩት። ቴሌግራም ላይ ሚዲያ በራሱ እንዳያወርድ አጥፉት። ስልኩ ላይ የፎቶ Backup በሞባይል ዳታ እንዳይሠራ ዝጉት። ከጫናችሁ በኋላም የራሳችሁን ቪዲዮ በHD ደጋግማችሁ አትዩ። ስህተት ካለው ከመጫኑ በፊት ላፕቶፑ ላይ እዩት፣ ነጻ ነው።

«ቀን አይሄድም፣ ሌሊት ይሄዳል»

አንድን የኔትወርክ ታወር ሰፈሩ ሁሉ ይጋራዋል። ማታ ሰው ከሥራ ሲመለስ ይጨናነቃል፣ ሰው ሲተኛ ይለቃል። የሌሊት ፓኬጅም ከቀኑ ይረክሳል። ግን የፓኬጁን መጀመሪያና ማብቂያ ሰዓት አንብቡ። አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ከጀመራችሁ ከዋናው ሂሳብ ይቆረጣል፣ ሰዓቱ ካለፈም እንደዚያው። 32 ደቂቃ የሚፈጅ ፋይል ካላችሁ፣ ለመቆራረጡ እጥፍ ጊዜ ያዙለትና ከማብቂያው ከአንድ ሰዓት በላይ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ሌሊት መጫን ማለት ሌሊት መልቀቅ ማለት አይደለም። Visibility ላይ Schedule መርጣችሁ ቀንና ሰዓት ስጡት። እህቴ ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እንዲወጣ ፈልጋ 1:00 PM ብላ ሞላችው፣ ቪዲዮው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ገበያ ሳለ ወጣ። በእኛ ሰዓት ላይ 6 ጨምሩ፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት 7:00 PM ነው። መልቀቂያውንም ከተጫነበት ሌሊት ቢያንስ ጥቂት ሰዓታት አርቁት፤ ዩቲዩብ መጀመሪያ ዝቅተኛውን ጥራት ነው የሚያዘጋጀው፣ HD ቆይቶ ይደርሳል፣ ቸኩላችሁ ከለቀቃችሁት የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች ያንን ኮባ ቅጠል እንደገና ጭቃ ሆኖ ያዩታል።