የእድሳት ክፍያ ሲመለስ በየቀኑ አትሞክሩ፣ ዓርብን ጠብቁ

በስትራይፕ ወርሃዊ ክፍያ የምትሰበስቡ ካላችሁ፣ እድሳት ላይ ካርድ አልሠራም ሲል ደንበኛውን ወዲያው አትዝጉበት። መጀመሪያ ያልተሳካውን ክፍያ ከፍታችሁ ምክንያቱን እዩ። `insufficient_funds` ካለ፣ ሂሳቡ ላይ ለጊዜው በቂ ገንዘብ የለም ማለት ነው፤ ሰውየው አገልግሎቱን አልተወም። `lost_card` ወይም `stolen_card` ካለ ግን ያንኑ ካርድ መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ አዲስ ካርድ እንዲያስገባ ሊንክ ላኩለት።

ገንዘብ ላጠረው ደንበኛ ዋናው ነገር ቀኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሠራተኛ ደመወዙን የሚያገኘው በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ነው። የ12 ዶላር እድሳት ማክሰኞ ቢመለስ፣ ረቡዕና ሐሙስ ብትሞክሩ ብዙውን ጊዜ ያው መልስ ነው የሚመጣው። ዓርብ ረፋድ ላይ አንዴ ሞክሩ፣ ካልሆነ በሚቀጥለው ዓርብ። ደመወዙ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ የሚገባ ከሆነ፣ ከሁለቱ ዓርቦች አንዱ የደመወዝ ቀኑ ነው። እስከዚያ አገልግሎቱን ክፍት አድርጉለት፤ የተዘጋበት ሰው ተመልሶ ካርዱን ለማስተካከል አይቸኩልም።

ደጋግሞ መሞከርም ወጪ አለው፦ ቪዛ ለአንድ ክፍያ በ30 ቀን ውስጥ ከ15 ጊዜ በላይ ድጋሚ ሙከራ ሲደረግ ተጨማሪ ክፍያ ያስከፍላል።